የይሻው ጎመንና ጥቃቅኖቹ ተርቦች

ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ይሻውን የማያውቅ ገበሬ አልነበረም። ስሙ ግን ብቻውን አይጠራም፤ «ይሻው መርጫ» ነበር የሚባለው። ጎመኑን ክሽክሽ የሚሉት ቅጠል መጣጭ ተባይ የወረረበት፣ ሽንኩርቱ የነጣበት፣ ድንቹ ቅጠሉ የተበሳሳበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚልክበት ወደ እሱ ነው። ይሻውም የመድኃኒት መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ይመጣል። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ። በዚሁ ሥራ አግብቷል፣ በዚሁ ሥራ ሁለት ሴት ልጆች አስተምሯል፣ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል።

ጓንት የሚባል ነገር አድርጎ አያውቅም። አፉን በፎጣ ከሸፈነ ለራሱ እጅግ የተጠነቀቀ ይመስለው ነበር። መርጫው አርጅቶ ከክዳኑ በኩል ያፈስ ስለነበር፣ ሲመሽ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ነው የሚገባው። ሚስቱ አማረች ልብሱን ለብቻው ታጥብና «ይኸ ሽታ አንድ ቀን ጉድ ያደርገናል» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። «መድኃኒት ነው የሚባለው እኮ አማረች፤ መርዝ ቢሆን መድኃኒት ባላሉት» ይላታል።

ጉዱ የመጣው ሐሙሲት አካባቢ በአንድ የሽንኩርት ማሳ ላይ ነው። ፀሐይዋ በርትታለች፣ ንፋሱም ወደ እሱ ይነፍሳል። የመርጫው ጫፍ ደጋግሞ ተደፈነበት። እንደ ወትሮው ነቀለና በአፉ ነፍቶ አጸዳው፤ ጥቂት ሄዶ አሁንም ነፋው። ከቀትር በኋላ ላቡ ይንቆረቆር ጀመር። ምራቁ ከአፉ ሞልቶ ፈሰሰ። ዓይኑ ጭጋግ የወረደበት ያህል ደበዘዘ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ከነመርጫው በመደቡ መሐል ተደፋ። ባለማሳው ጮሆ ሰው ጠራ። ልብሱን አውልቀው፣ ገላውን በውኃ አጥበው፣ ወደ ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ጭነው ሐኪም ዘንድ አደረሱት።

ከአራት ቀን በኋላ ነፍሱን ሲያውቅ አልጋው አጠገብ የቆመው ወጣት ሐኪም እንዲህ አለው፦ «አባቴ፣ ነፍሳትን የሚገድለው መድኃኒት እርስዎንም የሚገድልበት መንገድ ያው አንድ ነው። ነርቭዎን ነው የያዘው። ቶሎ ባያመጡዎት ኖሮ ዛሬ አንነጋገርም። ከእንግዲህ ይህን ነገር በእጅዎ እንዳይነኩት፤ በቃ።»

ይሻው እንባው መጣ። ስለ ሕይወቱ ይሁን ስለ እንጀራው እሱም አላወቀውም። በቤቱ ግን አማረች ስለት አስገባች፤ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ፣ ሰንበቴውን ሁሉ አበላች። «ሰውየው ተርፎልኛል፤ ሌላው እዳው ገብስ ነው» አለች።

መርጫውን ለጎረቤቱ ለደሞዜ ሰጠው። ደሞዜ የወዳጁ ልጅ ነው፤ ከሠላሳ ብዙ ያልዘለለ፣ ትጉህ፣ ቁጡ። የሁለቱ የጓሮ መሬት የሚለየው በአንድ የእሾህ አጥር ብቻ ነው። ይሻው መርጫውን ሲሰጠው ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀው፦ በአፍህ አትንፋ፣ ፊትህን ሸፍን፣ በንፋስ አትርጭ። ደሞዜም ሦስቴ «እሺ ጋሼ» አለው።

ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ይሻውና አማረች ከቤታቸው ጀርባ ባለችው ትንሽ ጓሮ ጥቅል ጎመን ተከሉ። ከወንዙ በጠለፉት ቦይ እያጠጡ፣ በልጅነቱ እንዳየው ፍግ እየጨመሩ አሳደጉት። ደንደን ያለ፣ ያማረ ጎመን ሆነ። አማረች ለቅዳሜ ገበያ በልቧ አስቀድማ እየሸጠችው ነበር።

ጥር ሲገባ ክሽክሹ መጣ።

መጀመሪያ አንድ ሁለት ቅጠል ላይ አመድ የተነሰነሰ መሰለ። በሳምንቱ ግራጫው ዱቄታም ክሽክሽ በጎመኑ ልብ ውስጥ ተደራርቦ ተቀመጠ። ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ወዝ ወዝ ይላል። ይሻው በየመደቡ እየተንበረከከ ያያል። ይህን ጠላት ከማንም የበለጠ ያውቀዋል፤ በአንድ ማለዳ ድራሹን እንዴት እንደሚያጠፋውም ያውቃል። አሁን ግን እጁ ባዶ ነው። ጣቶቹ መርጫ ፍለጋ ይበላሉት ነበር። ባይሆንለት በአውራ ጣቱ እየጨፈለቀ ይውል ጀመር። ከክሽክሹ ጋራ ሌላም ነገር ያገኛል፦ ጥቁር፣ ሰውነቱ ሸካራ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ስድስት እግር ያለው፣ የአዞ ግልገል የመሰለ ትል። «ይኸም አንዱ ነው እንግዲህ፤ ይኸ ደግሞ ቅጠሉን የሚበላው ይሆናል» ብሎ እየለቀመ ይጨፈልቀዋል።

ደሞዜ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ያየዋል። ሆዱ ባባ።

«ጋሼ፣ ምን ብለው ነው በጣትዎ የሚታገሉት? ሐሙስ የራሴን እረጫለሁ። የእርስዎንም አብሬ እረጭልዎታለሁ። ቤት ገብተው በር ዘግተው ይቀመጡ እንጂ ምንም አይነካዎትም።»

ይሻው ጥቂት አሰበና «እግዚአብሔር ይስጥህ። ሐሙስ ና» አለው።

አማረች ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። «በዚያ ነገር ሞተህ ተነሥተሃል። አሁን ደግሞ በገዛ ጓሮህ ልታስገባው?» አለችው። እሱም «ጎመኑ ሲያልቅ ምን ልንበላ ነው?» አላት። ማንም አላሸነፈ፤ ተኮራርፈው አደሩ።

ማክሰኞ ጧት ነው ትሕትና የመጣችው። ትሕትና ከሐዋሳ መጥታ በከተማው ዩኒቨርሲቲ የሰብል ጥበቃ የምታስተምር ወጣት ሴት ናት። በእግር መንገዱ ተማሪዎቿን አስከትላ የአትክልት ተባይ ልታሳይ ወደ ጋፋት ስትሄድ፣ ይሻውን በመደቡ ላይ ተንበርክኮ አየችውና ቆመች።

«እንደምን አደሩ አባቴ? ገብተን ጎመንዎን ብናይ ይፈቅዱልናል?»

«እንደምን አደርሽ ልጄ። ምን የሚታይ አለው፤ አልቋል እኮ። ግቡ።»

ትሕትና ከኪሷ አጉሊ መነጽር አወጣችና አንድ የተጠቃ ቅጠል ገልብጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ፊቷ በራ። ይሻው ግራ ገባው፤ የሰው ጎመን ሲያልቅ የሚስቅ ሰው አይቶ አያውቅም።

«አባቴ፣ ይህን ቅጠል ረጭተውበታል እንዴ?»

«እኔ ከመርጨት ተከልክያለሁ» አላትና ታሪኩን ባጭሩ ነገራት። እሷም ራሷን ነቀነቀች፣ መነጽሩንም አቀበለችው።

«እስቲ ይዩ። ከግራጫዎቹ መሐል ነሐስ የመሰሉ፣ ያበጡ፣ እንደ ገብስ ቆሎ የደረቁ አሉ። ይታዩዎታል?»

ይሻው ዓይኑን አጠጋ። አሉ። ቡናማ፣ ክብ፣ ቅጠሉ ላይ የተለጠፉ፣ የማይንቀሳቀሱ። ቁጥራቸው ብዙ አልነበረም፤ ከመቶው አምስት ስድስት ቢሆኑ ነው።

«ሞተዋል?»

«ሞተዋል። የገደላቸው ግን አሁንም ውስጣቸው አለ። አንዲት ከጉንዳን የምታንስ ጥቁር ተርብ አለች። ወገቧን በእግሮቿ መሐል ወደ ፊት አጥፋ ክሽክሹን ትወጋውና አንድ እንቁላል ውስጡ ትጥላለች። እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ትሉ ክሽክሹን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ክሽክሹ አብጦ ይደርቃል፣ ቤት ይሆነዋል። በኋላ አዲሷ ተርብ ከጀርባው ክብ ቀዳዳ ቆርጣ ትወጣለች። ወጥታ ደግሞ ሌላውን ስትወጋ ትውላለች።»

«ተርብ? በጓሮዬ? ልጆቹን ብትነድፍስ?»

ትሕትና ሳቀች። «ሰው የምትነድፍበት አቅሙም ፍላጎቱም የላትም። በእጅዎ ላይ ብትቆም እንኳ አያውቁባትም።»

ይሻው «እሺ ልጄ» ብሎ መነጽሩን መለሰላት። አክብሮ ነው እንጂ አላመናትም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ተባይ ላይ ሲዘምት ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር አላየም። ትሕትናም ገባት። «አይመኑኝ፤ ራስዎ ይዩ» አለችና አማረችን የማር ብርጭቆ ለመነቻት። ነሐስ የመሰሉት ክሽክሾች ያሉበትን ቅጠል ቆርጣ ብርጭቆው ውስጥ አስገባች፣ አፉን በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ ሸፍና በላስቲክ አሰረችው። «ከፀሐይ አርቃችሁ፣ ሙቀት ያለው ቤት አስቀምጡት። አገሩ ብርድ ነው፤ ሳምንት፣ አሥር ቀን ይፈጅ ይሆናል።»

ልትወጣ ስትል ዓይኗ በይሻው ጣት ላይ አረፈ። ያን አዞ መሳይ ጥቁር ትል ሊጨፈልቅ ይዞታል።

«ኧረ አባቴ! ይተዉት!»

ደንግጦ ለቀቀው። ትሕትና ትሉን በመዳፏ ተቀብላ ክሽክሽ ወደ በዛበት ቅጠል መለሰችው። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። ትሉ ጥቂት ዞረና አንዱን ክሽክሽ በአፉ ያዘ፤ መጠጠው፤ ቆዳውን ጣለው፤ ሌላውን ያዘ።

«ያቺን ቀይ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ክብ ጥንዚዛ ያውቋታል አይደል?»

«እንዴት አላውቃትም። ልጆች በእጃቸው ላይ የሚያስሄዷት።»

«ይኸ ልጇ ነው። እናትየውም ክሽክሽ በል፣ ልጇም ክሽክሽ በል። ልጇ አድጎ እስኪለወጥ ድረስ በመቶ የሚቆጠር ይበላል።»

ይሻው የአውራ ጣቱን ጥቁር እድፍ ተመለከተ። ስንቱን ነው በእነዚህ ቀናት የጨፈለቀው! «እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሊረዱኝ የመጡትን ነው ስፈጅ የሰነበትኩት።»

«ባለማወቅ ነው አባቴ» አለችው። ከዚያ ጓሮውን ዞራ አየች። አማረች ለዘር ብላ በአጥሩ ጥግ የተወቻቸው አራት አምስት የሐበሻ ጎመን እግሮች አሉ፤ አድገው፣ ቢጫ አበባ አብበው፣ በክሽክሽ ተሸፍነው ቆመዋል። ይሻው ነገ ከነገ ወዲያ ሊነቅላቸው ነበር። ትሕትና ግን «እነዚህን እንዳትነኩ። እነዚህ የእናንተ በረት ናቸው» አለች። እውነትም ጥንዚዛው ትልቅም ትንሽም፣ ቢጫ እንቁላሉም ጭምር፣ ነሐሱም ክሽክሽ እዚያ ከጥቅል ጎመኑ ይልቅ በዝቶ ነበር። ማንም ረጭቶባቸው አያውቅምና።

ሐሙስ ጧት ደሞዜ መርጫውን ሞልቶ፣ አፉን በፎጣ ሸፍኖ መጣ። ይሻው በሩ ላይ ጠበቀው። ብርጭቆውን አይቷል፤ እስካሁን ምንም የለም። በእጁ ያለው የአንዲት ሴት ልጅ ቃል ብቻ ነው። የአማረችንም ፊት አየ። እሷም ታየዋለች።

«ደሞዜ፣ ልጄ፣ ይቆይልኝ። አሥር ቀን ስጠኝ።»

«አሥር ቀን! ጋሼ፣ በአሥር ቀን ሥሩ ነው የሚቀርልዎት። ምን ሊጠብቁ ነው?»

«ተርብ።»

ደሞዜ ፎጣውን ከአፉ አወረደ። ሽማግሌው ያ መርዝ አእምሮውን ነክቶት ይሆን ብሎ አሰበ፤ አልተናገረውም እንጂ ከፊቱ ይነበባል። «እንግዲህ እንዳሉ» ብሎ ወደ ራሱ ጓሮ ተሻገረ። የራሱን ረጨ። ንፋስ ባይኖር ጥሩ ነበር፤ ግን ጧት ጸጥ ያለው ንፋስ ረፋድ ላይ ተነሣ። ሽታው በእሾህ አጥሩ በኩል አልፎ ወደ ይሻው መደቦች መጣ።

በማግሥቱ ይሻው በአጥሩ ጥግ ባለው መደብ ላይ የወደቁትን ሲለቅም ዋለ። ቀያዮቹ ጥንዚዛዎች በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግሮቻቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ደርቀዋል። በመዳፉ ቆጠራቸው፤ ሃያ ሦስት። ሽንኩርቱ መሐል የተደፋበት ቀን ትዝ አለው። ሐኪሙ «የሚገድልበት መንገድ ያው አንድ ነው» ብሎት ነበር። መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። በደሞዜ አልተቆጣም፤ እንዴት ይቆጣል? መርጫውን የሰጠው እሱ ነው፤ እሱ ራሱ ስንት ማሳ ላይ ይህን አድርጓል፣ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ሳያይ።

ከመሬቱ ሲነሣ አማረች ከኋላው ቆማለች። «ያኛው ጥግ ተርፏል» አለችው። «ዘር ጎመኑ ጋ ያሉት ደህና ናቸው። አየኋቸው።»

ብርጭቆውን ያየችው አማረች ናት። በዘጠነኛው ቀን ጧት ውኃ ልትቀዳ ስትል መደርደሪያው ላይ ያስቀመጡትን አነሣችና ጮኸች። ይሻው በባዶ እግሩ ሮጠ። በነጠላው ቁራጭ ሥር፣ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ ጥቁር ነገሮች ይመላለሳሉ። ክንፍ አላቸው፤ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ ክንፍ። አንቴናቸውን ያወዛውዛሉ። ቅጠሉ ላይ ያሉት ነሐስ ክሽክሾች ደግሞ ባዶ ቀፎ ሆነዋል፤ እያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ በመርፌ የተበሳ የመሰለ ክብ ቀዳዳ፣ አንዳንዱም ላይ ትንሽዬ ክዳን ተንጠልጥላበት።

«አስራ አንድ ናቸው» አለች አማረች።

«አስራ ሁለት። አንዷ ቅጠሉ ሥር አለች።»

ይሻው ብርጭቆውን ይዞ ወጣ። ነጠላውን ሲፈታ ትንፋሹን ያዘ። ተርቦቹ በብርጭቆው አፍ ላይ ጥቂት ቆመው፣ አንድ በአንድ ተነሥተው ጠፉ። አንዷ ግን በአቅራቢያው ባለ ጎመን ላይ አረፈች። ይሻው ተንበረከከና ትሕትና በተወችለት አጉሊ መነጽር ተመለከታት። በክሽክሾቹ መሐል እየተመላለሰች በአንቴናዋ ነካ ነካ ታደርጋለች። ከአንዱ ፊት ቆመች። ወገቧን በእግሮቿ መሐል አጠፈች፤ ወጋች። ከዓይን ጥቅሻ ባልረዘመ ጊዜ ጨርሳ ወደ ሌላው ሄደች።

«ተመስገን» አለ ይሻው።

ከዚያ በኋላ ሥራ በዛበት። ትሕትና በየሳምንቱ ብቅ እያለች የምትነግረውን፣ እሱም በገዛ ዓይኑ የሚያየውን እያቀናጀ ያደርግ ጀመር። ልባቸው ፈጽሞ የተበላሸባቸውን ጎመኖች ነቅሎ አወጣ። ሌሎቹን በውኃ እያጠበ ክሽክሹን አራገፈ፤ ሁሉን ግን አላጠፋም፤ ትሕትና «ምግብ ካጡ ጥለዋችሁ ይሄዳሉ» ብላዋለችና። ከዘር ጎመኑ ላይ ነሐስ ክሽክሽ የሞላበትን ቅጠል እየቆረጠ በየመደቡ መሐል ያስቀምጣል። ጥንዚዛዎቹን መጀመሪያ በቀትር ለቅሞ ቢያመጣቸው ብር ብለው ሄዱበት። በኋላ ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቅጠሉን ውኃ አርከፍክፎ ቢያሳርፋቸው ጧት እዚያው አገኛቸው። በመደቦቹ ዳር ድንብላልና እንስላል ዘራ፤ ለወጥ ሳይሆን እንዲያብብ። አበባው ለተርቦቹ ምሳቸው ነው።

ሁሉም አልዳነም። ከሦስት ጎመን አንዱ ጠፋ። የቀረውም ውጪ ውጪው ቅጠል እየተቀነሰ ነው ገበያ የወጣው። አማረች ቅዳሜ በደብረ ታቦር ገበያ ስትቀመጥ አንዲት ደንበኛ አንዱን ጎመን አገላብጣ «ይኸ ደግሞ ምን ነካው?» ብትላት፣ «መድኃኒት አልነካውም» ብላ መለሰችላት። ሴትዮዋ ሦስት ገዛች።

ደሞዜ ይህን ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ያይ ነበር። የረጨው ጎመን ለሳምንት ጸዳ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክሽክሹ ተመልሶ መጣ፤ ከመጀመሪያው ብሶ መጣ። ደግሞ ረጨ። ደግሞ መጣ። በሦስተኛው ሊረጭ ሲል ራሱን አዞረው። መርጫውን አውርዶ እያቃሰተ አጥሩ ሥር ተቀመጠ።

ይሻው ድምፁን ሰምቶ ተሻገረ። ሸሚዙን አስወልቆ፣ ገላውን በሳሙና አሳጠበው። ደሞዜ ትንሽ ሲሻለው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእርስዎ ሳይረጭ እየዳነ፣ የእኔ እየተረጨ ለምን ይብሳል?»

«አንተ ክሽክሹንም ጠባቂውንም አብረህ ገደልክ። ክሽክሽ በሳምንት ይባዛል። ጥንዚዛዋና ተርቧ ግን ቀስ ብለው ነው የሚመለሱት፤ ለመመለስም የሚበሉት ሲኖር ነው። ስለዚህ ቤቱ ባዶ ሲሆን ቀድሞ የሚገባው ሌባው ነው።»

ደሞዜ አንገቱን ደፋ። «ያኔ ንፋሱ ወደ እርስዎ ወሰደው። ጥንዚዛዎቹን ሲለቅሙ አይቼዎታለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ አፈርኩ።»

«እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቅህ» አለ ይሻው። «ያን ነገር በጀርባህ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። እኔ ከሞት የተመለስኩበትን ላንተ ስጦታ ብዬ ሰጠሁህ።»

ይሻው ተነሣ፤ ወደ ዘር ጎመኑ ሄደና ነሐስ ክሽክሽ የሞላበትን ቅጠል በእጁ ታቅፎ ተመለሰ። ከደሞዜ ጋራ እየተቀባበሉ በመደቦቹ መሐል ሰካኩት። ግን መርዙ ገና በቅጠሉ ላይ ስለነበር ከዚያ የወጡት ተርቦች ብዙዎቹ ሞቱ። እንደገና አመጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደሞዜ ሚስት አሰለፈች አንድ ቅጠል ይዛ በአጥሩ ላይ ጠራችው፦ «ጋሼ ይሻው! እኛም ጋ ነሐሱ መጣ!»

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አልፏል። ክሽክሽ አሁንም በየዓመቱ ጥር ላይ ይመጣል። ዝናቡ ዘግይቶ ድርቁ በበረታበት ዓመት ከተርቦቹ ቀድሞ በዛና የአንዱን መደብ ጎመን ጨረሰው። ይሻው ያን ጊዜም አላጉረመረመም። «ሁሉንም ቢያድኑልኝ ሥራዬ ምን ይሆናል?» አለ። በጋፋት ዙሪያ ያሉ ስምንት ቤቶች አሁን ሲቸግራቸው የሚልኩት ወደ እሱ ነው፤ እሱም አጉሊ መነጽሩን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ጎንበስ ይላል፣ ቅጠሉን ይገለብጣል፣ ብዙ ይቆያል። ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳያቸው አዞ መሳዩን ጥቁር ትል ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እንደሱ ሊጨፈልቀው ይቸኩላልና።

ትሕትና ባለፈው ዓመት ወደ ሐዋሳ ተዛወረች። ልትሄድ ስትል ሊሰናበቷት ይሻውና አማረች ከተማ ወረዱ። አማረች በዘንቢል ጎመን፣ ድንብላል፣ አንድ ጠርሙስም የዚያው አካባቢ ማር ይዛለች። ትሕትና ስታያቸው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባቴ፣ እኔ ምን አደረግሁና ነው? በዚያች ቀን በአጋጣሚ አለፍኩ እንጂ።»

ይሻው ብዙ ቃል የሚያውቅ ሰው አይደለም። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ።

«ልጄ፣ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ አዳኝ መጥቶልኛል። አንዱ ያ ሐኪም ነው፤ ነፍሴን አተረፈልኝ። አንቺ ደግሞ እንጀራዬን ሳጣ መጣሽልኝ። እኔ እኮ ከዚያ ሐኪም ቤት ስወጣ ከእንግዲህ በምንም አልጠቅምም ብዬ ነበር። ይኸው ጎረቤት ሲቸግረው ይጠራኛል፤ ማንንም ሳልጎዳ እመለሳለሁ። እግዚአብሔር ያክብርሽ። ልጅ ውለጂ፤ ዘርሽ ይባረክ።»

አማረች ዘንቢሉን በትሕትና እጅ አስያዘችና ሳመቻት። «ጎመኑን ከመቀቀልሽ በፊት እጠቢው ልጄ» አለቻት። «ክሽክሽ አይጠፋውም።»

ትሕትና በእንባዋ መሐል ሳቀች። ተቃቅፈው ተሰነባበቱ። ባልና ሚስቱ ወደ ጋፋት የሚወስደውን የእግር መንገድ ይዘው ወጡ። ፀሐይ ገና አላዘቀዘቀችም፤ ይሻው መንገድ ላይ የአንዱን ሰው አጥር ዳር ጎመን ሲያይ እግሩ ቆመ። አማረች ጥቂት ቀድማው ሄዳ ዞረችና ጠበቀችው።